የተሰበረው ጡብ ወጪ የማን ነው? በሂደት ወጪ ስሌት ውስጥ ተመጣጣኝ አሃዶች፣ ያልተለመደ ብክነትና በሂደት ላይ የቀረ ምርት

መግቢያ

አንድ የሸክላ ጡብ ፋብሪካ የወሩን ሂሳብ ሲዘጋ በግቢው ውስጥ ሦስት ዓይነት ጡብ ይገኛል። አንደኛው ከምድጃ ወጥቶ ለሽያጭ የተደረደረው ነው። ሁለተኛው በማድረቂያ መጠለያው ውስጥ ገና እርጥበቱ ያልወጣለት ነው። ሦስተኛው ተሰንጥቆ ወይም ተሰብሮ ከምርት የተለየው ነው። ለሦስቱ የወጣው ወጪ ግን በአንድ ሂሳብ ተደምሮ ይቀመጣል፤ አፈሩ በአንድነት ይቆፈራል፣ ደመወዙ በአንድነት ይከፈላል፣ ነዳጁም በአንድነት ይገዛል። እያንዳንዱ ጡብ ለብቻው የወጪ መዝገብ ስለሌለው፣ የሂሳብ ሠራተኛው ጠቅላላውን ወጪ ለሦስቱ የሚያካፍልበት ሥርዓት ያስፈልገዋል። ይህ ሥርዓት የሂደት ወጪ ስሌት ይባላል።

ያለቀለትን ጡብ ዋጋ ማውጣት ከሥራው ሁሉ ቀላሉ ነው። አስቸጋሪው ያላለቀውና የጠፋው ነው። ያላለቀው ጡብ የወሰደው ወጪ ምን ያህል እንደሆነ በትክክል ካልተገመተ የንብረት ቆጠራው ዋጋ ይዛባል። የጠፋው ጡብ ወጪ ደግሞ በሁለት መንገድ ሊሄድ ይችላል፤ በደህናው ጡብ ዋጋ ላይ ይጨመራል፣ ወይም በወሩ ትርፍና ኪሳራ ላይ እንደ ኪሳራ ይመዘገባል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚገባ የሚወስነው የብክነቱ ዓይነትና ብክነቱ የታወቀበት ደረጃ ነው። ይህ ጽሑፍ ይህንኑ ውሳኔ በአንድ የጡብ ፋብሪካ የአንድ ወር ሂሳብ ላይ ደረጃ በደረጃ ያሳያል። ፋብሪካውም ሆነ ቁጥሮቹ ለማብራሪያ የተዘጋጁ ናቸው፤ ቁጥሮቹ ስሌቱን ለመከታተል እንዲያመቹ ተደርገው ተመርጠዋል።

የምርት ሂደቱና የወጪው አመጣጥ

በፋብሪካው አፈሩ ከውኃ ጋር ተቦክቶ በማሽን ቅርጽ ከያዘ በኋላ እርጥቡ ጡብ በጣሪያ ብቻ በተሸፈነ ክፍት መጠለያ ውስጥ በንፋስ እንዲጠነክር ይደረደራል። ከዚያ ወደ ሙቅ አየር ክፍል ገብቶ የቀረው እርጥበት ይወጣለታል። ከሙቅ አየር ክፍሉ ሲወጣ ሠራተኞች እያንዳንዱን ጡብ ይመረምራሉ፤ የተሰነጠቀውና የተጣመመው ይለያል። ምርመራውን ያለፈው ወደ ምድጃ ገብቶ ይተኮሳል፣ ተተኩሶ ሲወጣም ያለቀለት ምርት ይሆናል።

ወጪው በሁለት ይከፈላል። የጥሬ ዕቃ ወጪው አፈሩና ማጓጓዣው ሲሆን ሙሉ በሙሉ በሂደቱ መጀመሪያ ላይ ይገባል። ስለዚህ ቅርጽ የያዘ ጡብ ሁሉ፣ የትም ደረጃ ላይ ቢገኝ፣ ጥሬ ዕቃውን መቶ በመቶ ወስዷል። ሁለተኛው የመለወጫ ወጪ ነው፤ ይህም የሠራተኛ ደመወዝን፣ ነዳጅን፣ መብራትንና የመሣሪያዎችን የእርጅና ተቀናሽ ያጠቃልላል። የመለወጫ ወጪ ጡቡ ወደፊት በሄደ ቁጥር እየተጨመረ ይሄዳል። በዚህ ፋብሪካ ጡቡ ቅርጽ ሲይዝ የመለወጫ ወጪውን 30 በመቶ፣ የመጠለያ ቆይታውን ሲጨርስ 40 በመቶ፣ ከሙቅ አየር ክፍል ሲወጣ 60 በመቶ ወስዷል። የቀረው 40 በመቶ የምድጃው ድርሻ ነው።

እዚህ ላይ የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ። የማለቂያ ደረጃ የሚለካው በወጣው ወጪ ነው እንጂ ባለፈው ጊዜ አይደለም። ጡቡ ከቅርጽ ማውጣት እስከ ምድጃ ካለው ቆይታ ረጅሙን ጊዜ የሚያሳልፈው በመጠለያው ነው፤ በዚያ ቆይታ ግን የሚወጣለት ወጪ ጥቂት ነው፣ ከ30 ወደ 40 በመቶ ብቻ ያሳድገዋል። የመጠለያው ኃላፊ «የዚህ ጡብ ሥራው አብዛኛው አልቋል» ቢል የሚናገረው ስለ ቀናት ሊሆን ይችላል። የሂሳብ ሠራተኛው የሚፈልገው ግን የወጪውን ደረጃ ነው።

የወሩ ቁጥሮች

በወሩ መጀመሪያ በሂደት ላይ የቆየ ጡብ አልነበረም። በወሩ ውስጥ 200,000 ጡቦች ቅርጽ ያዙ። የጥሬ ዕቃ ወጪው 600,000 ብር፣ የመለወጫ ወጪው 1,274,000 ብር፣ ድምሩ 1,874,000 ብር ነው። በወሩ የመጨረሻ ቀን 20,000 ጡቦች የመጠለያ ቆይታቸውን ጨርሰው ወደ ሙቅ አየር ክፍል ለመግባት ተራ ይጠብቁ ነበር፤ የመለወጫ ደረጃቸውም 40 በመቶ ነው። የቀሩት 180,000 ጡቦች በሙቅ አየር ክፍል አልፈው ምርመራ ላይ ደርሰዋል። ከእነዚህ 165,000ው ደህና ሆነው ተገኝተው በወሩ ውስጥ ተተኩሰው ከምድጃ ወጡ። 15,000ው ግን ተሰንጥቀው ተጣሉ።

ፋብሪካው ካለው የቆየ መዝገብ በመነሣት ምርመራ ላይ ከሚደርሱ ጡቦች 5 በመቶው መጥፋቱ የማይቀር እንደሆነ ወስኗል። አፈሩ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ማድረቁም ፍጹም ሊሆን አይችልም። ይህ የተለመደ ብክነት ነው። ስሌቱም ምርመራ ላይ ከደረሱት 180,000 ይነሣል፤ 9,000 ጡቦች ይሆናል። ከጀመሩት 200,000 ተነሥቶ 10,000 ማለት ስህተት ነው፤ በመጠለያው ያሉት 20,000 ጡቦች ገና ስላልተመረመሩ ከእነርሱ መካከል ስንቱ እንደሚጣል አይታወቅም።

ከጠፉት 15,000 ላይ የተለመደው 9,000 ሲቀነስ 6,000 ይቀራል። ይህ ያልተለመደ ብክነት ነው። ምክንያቱም ታውቋል፤ ከመጠለያው ጣሪያ አንዱ ክፍል ሳይጠገን ቆይቶ ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ በገባ ጊዜ ደርቀው የነበሩ ጡቦች እንደገና ረጠቡ፤ በሙቅ አየር ክፍል በድጋሚ ሲደርቁም ተሰነጠቁ።

ከሁሉ አስቀድሞ ቁጥሩ መግጠም አለበት። 165,000 ያለቀ፣ 9,000 የተለመደ ብክነት፣ 6,000 ያልተለመደ ብክነትና 20,000 በሂደት ላይ የቀረ ሲደመሩ 200,000 ይሆናሉ። ይህ ድምር ካልገጠመ ወደ ብሩ ስሌት መሻገር ትርጉም የለውም።

ተመጣጣኝ አሃዶች

ተመጣጣኝ አሃድ ማለት በከፊል የተሠራን ምርት ወደ ሙሉ ምርት ቆጠራ የሚለውጥ መለኪያ ነው። በ40 በመቶ ደረጃ ላይ ያሉ 20,000 ጡቦች የወሰዱት የመለወጫ ወጪ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የተሠሩ 8,000 ጡቦች የሚወስዱትን ያህል ነው። በጥሬ ዕቃ በኩል ግን ያው 20,000 ናቸው። አንድ ጡብ ሁለት የተለያዩ ደረጃዎች ሊኖሩት ስለሚችል ስሌቱ ለጥሬ ዕቃና ለመለወጫ ወጪ ለየብቻ ይሠራል።

የጠፉት ጡቦችም ደረጃ ያስፈልጋቸዋል። ዝናቡ ጡቦቹን ያበላሸው በመጠለያው ውስጥ ሳሉ ነው። ጉዳቱ የታወቀው ግን ከሙቅ አየር ክፍል ሲወጡ በምርመራው ነው። እስከዚያ ድረስ ፋብሪካው እንደ ደህና ጡብ ይዟቸው ወጪ ማውጣቱን ቀጥሏል። ስለዚህ ደረጃቸው 60 በመቶ ነው፤ ጉዳቱ የደረሰበት ሳይሆን ከሂደቱ የወጡበት ደረጃ ይወሰዳል። በዚሁ መሠረት የሚከተለው ሠንጠረዥ ይወጣል።

| | ጡብ | ጥሬ ዕቃ (ተመጣጣኝ አሃድ) | መለወጫ (ተመጣጣኝ አሃድ) |
|---|---|---|---|
| ያለቀለት ምርት | 165,000 | 165,000 | 165,000 |
| የተለመደ ብክነት (60 በመቶ) | 9,000 | 9,000 | 5,400 |
| ያልተለመደ ብክነት (60 በመቶ) | 6,000 | 6,000 | 3,600 |
| በሂደት ላይ የቀረ (40 በመቶ) | 20,000 | 20,000 | 8,000 |
| ድምር | 200,000 | 200,000 | 182,000 |

የጥሬ ዕቃው 600,000 ብር ለ200,000 ሲካፈል ለአንድ አሃድ 3.00 ብር ይደርሳል። የመለወጫው 1,274,000 ብር ለ182,000 ሲካፈል 7.00 ብር ይሆናል። ያለ ብክነት ጭማሪ የአንድ ሙሉ ጡብ ወጪ 10.00 ብር ነው ማለት ነው።

ወጪውን ማከፋፈል

የአንድ አሃድ ወጪ ከታወቀ በኋላ ማከፋፈሉ የማባዛት ሥራ ነው። ያለቀው ምርት 165,000 በ10.00 ሲባዛ 1,650,000 ብር ይሆናል። በሂደት ላይ የቀረው ምርት ለጥሬ ዕቃ 60,000 ብር፣ ለመለወጫ 56,000 ብር፣ በድምሩ 116,000 ብር ይይዛል። ያልተለመደው ብክነት ለጥሬ ዕቃ 18,000 ብር፣ ለመለወጫ 25,200 ብር፣ በድምሩ 43,200 ብር ይሆናል። የተለመደው ብክነት ደግሞ 27,000 እና 37,800 ብር፣ በድምሩ 64,800 ብር ነው። አራቱ ሲደመሩ 1,874,000 ብር ይመጣል፤ የገባው ወጪ ሁሉ ቦታውን አግኝቷል።

የተለመደው ብክነት 64,800 ብር ግን ለብቻው ሊቆም አይችልም። የተለመደ ብክነት ደህና ጡብ ለማግኘት የሚከፈል ዋጋ ነው፤ 171,000 ያህል ደህና ጡብ የሚፈልግ ፋብሪካ 180,000 ማድረቅ አለበት። ስለዚህ ይህ ወጪ ምርመራውን ላለፉት ጡቦች ይጨመራል። በመጠለያው የቀሩት 20,000 ጡቦች ከዚህ አይካፈሉም። የእነርሱ ደረጃ 40 በመቶ ነው፣ ምርመራው ደግሞ 60 በመቶ ላይ ነው፤ በዚህ ወር የተጣለ አንድም ጡብ ከእነርሱ መካከል አልወጣም። የራሳቸውን ብክነት በሚቀጥለው ወር ምርመራ ላይ ሲደርሱ ይሸከማሉ።

ከዚህ በኋላ የወሩ ሂሳብ የሚከተለውን ይመስላል።

| | ብር |
|---|---|
| ያለቀለት ምርት (1,650,000 + 64,800) | 1,714,800 |
| ያልተለመደ ብክነት | 43,200 |
| በሂደት ላይ የቀረ ምርት | 116,000 |
| ድምር | 1,874,000 |

የአንድ ያለቀለት ጡብ ወጪ 1,714,800 ለ165,000 ተካፍሎ 10.39 ብር ነው። ከ10.00 ብር በላይ ያለው 39 ሳንቲም በተለመደው ሁኔታም ቢሆን የማይቀር የብክነት ድርሻ ነው።

አንዳንድ የመማሪያ መጻሕፍት ያልተለመደው ብክነትም ምርመራ ላይ የደረሰ በመሆኑ ከ64,800 ብሩ ድርሻውን እንዲይዝ ያደርጋሉ። በዚያ አሠራር ክፍፍሉ ለ171,000 ጡቦች ስለሚሆን ከ43,200 ብሩ ላይ 2,274 ብር ገደማ ይጨመራል። ሁለቱም መንገዶች ምክንያት አላቸው፤ ፋብሪካው አንዱን መርጦ ከወር ወር ሳይለውጥ መሥራት አለበት።

አቋራጩ መንገድና ጉድለቱ

በትምህርት ክፍሎች በብዛት የሚሠራበት ሌላ መንገድ የተለመደውን ብክነት ከሠንጠረዡ ማውጣት ነው። በዚያ መንገድ የተመጣጣኝ አሃዶቹ ድምር ለጥሬ ዕቃ 191,000፣ ለመለወጫ 176,600 ይሆናል። አካፋዩ ስላነሰ የአንድ አሃድ ወጪ ወደ 3.14 እና 7.21 ብር ከፍ ይላል፤ የተለመደው ብክነት ወጪም ሳይታይ በቀሩት ላይ ሁሉ ይበተናል።

ይህ መንገድ ሥራን ያቀላል። ሆኖም «በቀሩት ላይ ሁሉ» የሚለው በመጠለያው ያሉትንም ይጨምራል። በሂደት ላይ የቀረው ምርት ዋጋ ከ116,000 ወደ 120,540 ብር ገደማ ይወጣል። የ4,540 ብሩ ልዩነት ገና ያልተመረመሩ ጡቦች ሌሎች ጡቦች ላይ የደረሰውን ብክነት እንዲሸከሙ የተደረገበት ነው። በተጨማሪም እነዚሁ ጡቦች በሚቀጥለው ወር ምርመራ ሲደርሱ ከዚያ ወር ብክነት በድጋሚ ይካፈላሉ። ስለዚህ አቋራጩ መንገድ የሚስማማው በሂደት ላይ የቀረው ምርት የምርመራውን ነጥብ ባለፈ ጊዜ ነው። ካላለፈ ረጅሙ መንገድ ትክክለኛው ነው። ከስሌቱ በፊት መጠየቅ ያለበት ጥያቄም ይኸው ነው፤ ምርመራው የት ነው? በሂደት ላይ የቀረው ምርትስ ከዚያ በፊት ነው ወይስ በኋላ?

ያልተለመደው ብክነት ሲደበቅ

ያልተለመደው 43,200 ብር በምርት ሂደቱ ሂሳብ ክሬዲት ተደርጎ ያልተለመደ ብክነት በተባለ ሂሳብ ዴቢት ይመዘገባል፤ ከዚያም ወደ ወሩ ትርፍና ኪሳራ ይተላለፋል። የጣሪያ መፍሰስ ጡብ አያሠራም፤ ስለዚህ የጡብ ዋጋ አካል ሊሆን አይችልም። ስለ ንብረት ቆጠራ የሚደነግገው ዓለም አቀፍ የሂሳብ አያያዝ ደረጃ፣ ማለትም አይኤኤስ 2፣ ከተለመደው በላይ የባከነ ጥሬ ዕቃ፣ ጉልበትና ሌላ የማምረቻ ወጪ በንብረት ዋጋ ውስጥ ሳይካተት በደረሰበት ጊዜ እንደ ወጪ እንዲያዝ ያዛል። በኢትዮጵያም በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 847 ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎች ሥራ ላይ እንዲውሉ በመደንገጉ ጉዳዩ ከውስጥ አሠራር ምርጫ አልፎ ይፋ በሚደረገው የሂሳብ መግለጫ ላይ የሚታይ ሆኗል።

የሂሳብ ሠራተኛው 15,000ውን ጡብ በሙሉ የተለመደ ብክነት አድርጎ ቢይዘው 43,200 ብሩ ባለቀው ምርት ላይ ይጨመራል። የአንድ ጡብ ወጪም ከ10.39 ወደ 10.65 ብር ከፍ ይላል። ልዩነቱ 26 ሳንቲም ብቻ ስለሆነ በዓይን የሚታይ አይመስልም። ነገር ግን በወሩ ውስጥ ከ165,000 ጡቦች 100,000ው ብቻ ተሽጦ 65,000ው በመጋዘን ቢቀር፣ ከ43,200 ብሩ 17,018 ብር ያህሉ በመጋዘን ባለው ጡብ ዋጋ ውስጥ ተደብቆ ይቀራል። የወሩ ትርፍ በዚያ ልክ ከእውነታው በላይ ይታያል፤ ንብረቱም በሌለ ዋጋ ይመዘገባል። ኪሳራው የሚወጣው ጡቡ በሚሸጥበት በሌላ ወር ነው፤ በዚያን ጊዜ ግን ከጣሪያው ጋር የሚያገናኘው ማንም አይኖርም።

ሌላው መዘዝ በዋጋ ተመን ላይ ነው። የሽያጭ ዋጋውን በወጪ ላይ ተመሥርቶ የሚያወጣ ፋብሪካ የአንድ ወር አደጋን የዘወትር ወጪ አድርጎ ይወስዳል፤ ጣሪያው ከተጠገነ በኋላም 10.65 ብርን መነሻ አድርጎ ይቀጥላል።

ይህ መደበቅ የሚፈጸመው ሁልጊዜ በግልጽ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚመጣው የተለመደው ብክነት መጠን ከፍ ተደርጎ ሲወሰን ነው። በዚህ ምሳሌ መጠኑ ከ5 በመቶ ይልቅ 8.33 በመቶ ቢባል ያልተለመደ ብክነት የሚባል ነገር አይኖርም፤ 15,000ው በሙሉ «የሚጠበቅ» ይሆናል። ስለዚህ የመጠኑን አወሳሰን የሚመረምር ሰው ሁለት ምልክቶችን ይፈልጋል። የመጀመሪያው ያልተለመደ ብክነት ሂሳብ ለብዙ ወራት ባዶ ሆኖ መቆየቱ ነው። በእውነተኛ ፋብሪካ ብክነቱ ከወር ወር ከመጠኑ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል፤ ከመጠኑ ሲያንስም ያልተለመደ ትርፍ ሆኖ ይመዘገባል። ሁለተኛው መጠኑ ከወሩ መዝጊያ በኋላ የሚስተካከል መሆኑ ነው። መጠኑ ወሩ ከመጀመሩ በፊት፣ ከቆየ መዝገብ ተነሥቶ መወሰን አለበት።

የማለቂያ ደረጃ ግምት

በሂደት ላይ የቀረው ምርት ዋጋ 40 በመቶ በሚለው ግምት ላይ የቆመ ነው። ግምቱ ወደ 50 በመቶ ቢቀየር የመለወጫው ተመጣጣኝ አሃድ 184,000 ይሆናል፣ የአንዱ አሃድ ወጪም ወደ 6.92 ብር ይወርዳል። በመጠለያው ያሉት ጡቦች የሚይዙት የመለወጫ ወጪ ግን ከ56,000 ወደ 69,239 ብር ያድጋል። አንድም ጡብ ሳይጨመር 13,239 ብር ከሌሎቹ ላይ ተነሥቶ ወደ ንብረት ተሻገረ ማለት ነው። ያለቀው ምርት ወጪ በዚያው ልክ ስለሚቀንስ ከተሸጠው ጡብ የሚገኘው ትርፍ ከፍ ይላል፤ ያልተለመደው ብክነትም በጥቂቱ ያነሰ ይመስላል።

ይህን ግምት መቆጣጠር የሚቻለው ከቦታው ጋር በማያያዝ ነው። ጡቡ ያለበት ስፍራ ደረጃውን ይወስናል፤ ማሽኑ ፊት ያለው 30 በመቶ፣ የመጠለያ ቆይታውን የጨረሰው 40 በመቶ፣ ከሙቅ አየር ክፍል የወጣው 60 በመቶ ተብሎ አስቀድሞ ከተጻፈ በመዝጊያው ቀን የሚያስፈልገው ቆጠራ ብቻ ነው። በመጠለያው ያለ ጡብ 50 በመቶ ደርሷል የሚል ሪፖርት ቢመጣ ወዲያውኑ ጥያቄ ያስነሣል፤ ከ40 በመቶ በላይ ያለ ጡብ ወደ ሙቅ አየር ክፍል ገብቶ መገኘት ነበረበትና። 60 በመቶን አልፏል የሚል ሪፖርት ደግሞ ምርመራውን አልፏል ማለት ስለሆነ የብክነት ክፍፍሉን ጭምር ይለውጣል።

ከፍርስራሹ የሚገኝ ዋጋ

ያልተተኮሰ ጡብ ተፈጭቶ ከአዲስ አፈር ጋር እንደገና ሊቦካ ይችላል። የተተኮሰ ጡብ ግን ወደ አፈርነት አይመለስም። ምርመራው ከምድጃው በፊት በመሆኑ ፋብሪካው ከ15,000ው ጡብ አፈር መልሶ ያገኛል። ለአንድ ጡብ የሚመለሰው አፈር 1.00 ብር ይገመታል ቢባል፣ ከተለመደው ብክነት የሚገኘው 9,000 ብር ከ64,800 ብሩ ላይ ተቀንሶ 55,800 ብር በደህናው ጡብ ላይ ይጨመራል። የአንድ ጡብ ወጪም 10.34 ብር ይሆናል። ካልተለመደው ብክነት የሚገኘው 6,000 ብር ግን ወደ ምርት ሂደቱ ሂሳብ አይገባም። ያልተለመደ ብክነት ሂሳቡ ላይ ክሬዲት ተደርጎ ወደ ትርፍና ኪሳራ የሚሄደውን ኪሳራ ከ43,200 ወደ 37,200 ብር ዝቅ ያደርገዋል። ሁለቱ አንድ ላይ ከተደመሩ ከአደጋው የተረፈ አፈር የደህናውን ጡብ ዋጋ በማይገባው መጠን ይቀንሳል።

የሚቀጥለው ወር

በመጠለያው የቀሩት 20,000 ጡቦች 116,000 ብራቸውን ይዘው የሚቀጥለው ወር መነሻ ይሆናሉ። ፋብሪካው የአማካይ ዘዴን ከተከተለ 60,000ው ብር ከአዲሱ ጥሬ ዕቃ፣ 56,000ው ከአዲሱ የመለወጫ ወጪ ጋር ይደመራል፤ ጡቦቹም ያለፈው ወር ሥራቸው ሳይለይ ይቆጠራሉ። ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይወጣል የሚለውን ዘዴ ከተከተለ ግን የ116,000 ብሩን ዋጋ ለይቶ ያቆየዋል፤ ለእነዚህ ጡቦች በአዲሱ ወር የሚቆጥረውም የቀረውን 60 በመቶ የመለወጫ ሥራ፣ ማለትም 12,000 ተመጣጣኝ አሃዶችን ብቻ ነው። በሁለቱም ዘዴዎች መነሻው ዋጋ ትክክል የሚሆነው የዚህ ወር አደጋ ያልገባበት እንደሆነ ነው። በመዝጊያው ላይ የተፈጠረ ስህተት ወሩ ሲያልፍ አይጠፋም፤ ወደሚቀጥለው ወር ይገባል።

መደምደሚያ

ከዚህ ስሌት ፋብሪካው የሚያገኘው ሂሳብ የገጠመበትን ሰነድ ብቻ አይደለም። ምርመራ ላይ የተጣለ አንድ ጡብ 3.00 ብር ጥሬ ዕቃና የ7.00 ብር 60 በመቶ፣ በድምሩ 7.20 ብር ወስዶ ነው የሚጣለው። ከሙቅ አየር ክፍሉ በፊት፣ በ40 በመቶ ደረጃ፣ ተለይቶ ቢሆን ወጪው 5.80 ብር ነበር። በዝናቡ የተጎዱት 6,000 ጡቦች ጉዳታቸው በመጠለያው ሳይታወቅ በማለፉ በእያንዳንዳቸው ላይ 1.40 ብር፣ በድምሩ 8,400 ብር በከንቱ ተጨምሯል። ምርመራው ከምድጃ በኋላ ቢሆን ኖሮ ደግሞ የእያንዳንዱ ወጪ 10.00 ብር ይደርስ ነበር፤ አፈሩም አይመለስም ነበር።

እነዚህ ቁጥሮች ግን በጥንቃቄ መነበብ አለባቸው። የመለወጫው 7.00 ብር እንደ እርጅና ተቀናሽና ወርኃዊ ደመወዝ ያሉ፣ ጡቡ ቢገባም ባይገባም የሚወጡ ወጪዎችን ይጨምራል። ስለዚህ 8,400 ብሩ በሙሉ በእጅ ሊተርፍ የሚችል ገንዘብ ነው ማለት አይቻልም፤ በእርግጥ የሚተርፈው በዋናነት የሙቅ አየር ክፍሉ ነዳጅ ነው። ከሙቅ አየር ክፍሉ በፊት ሁለተኛ ምርመራ ማድረግ ያዋጣል ወይ የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው ይህ ነዳጅ ከተጨማሪው መርማሪ ደመወዝ ጋር ሲነጻጸር ነው። ለጣሪያው ጥገና ግን መነጻጸሪያው በትርፍና ኪሳራ ሂሳቡ ላይ በግልጽ ተጽፏል፤ 43,200 ብር፣ አፈሩ ከተመለሰ 37,200 ብር። ያ ቁጥር በ26 ሳንቲም ተከፋፍሎ በ165,000 ጡቦች ውስጥ ቢበተን ኖሮ ማንም ወደ ጣሪያው ቀና ብሎ ባላየ ነበር።